ኤልዲኤላችሁ ተለካ ወይስ ተሰላ?

ሊፒድ ፕሮፋይል የሚባለውን የደም ስብ ምርመራ ውጤት ስትቀበሉ ወረቀቱ ላይ አብዛኛውን ጊዜ አራት ቁጥር ታገኛላችሁ። ጠቅላላ ኮሌስትሮል አለ፣ ኤችዲኤል አለ፣ ትራይግሊሰራይድ አለ፣ ከዚያ ደግሞ ሁሉም ሰው ቀድሞ የሚፈልገው ኤልዲኤል አለ። ሦስቱን ማሽን ለክቷቸዋል። አራተኛውን ግን በብዙ ላብራቶሪ ማንም አልለካውም። ከሦስቱ ተቀናንሶ የተገኘ ነው።

ይሄን ስናገር ሰው ይደነግጣል። "ታዲያ መድኃኒት የምውጠው በግምት ነው እንዴ?" የሚለኝ አለ። እንደዚያ እንኳን አይደለም። ስሌቱ ለአብዛኛው ሰው በደንብ ይሠራል፣ ባይሠራ ኖሮ ይሄን ሁሉ ዓመት አይዘልቅም ነበር። የሚያስቸግረው ትራይግሊሰራይድ ከፍ ሲል ነው። ያኔ ስሌቱ ኤልዲኤልን ከእውነተኛው ዝቅ አድርጎ ያወጣዋል፣ ሰውየውም ግቡ ላይ ሳይደርስ ደርሰሃል ይባላል።

ኮሌስትሮልም ትራይግሊሰራይድም ስብ ናቸው፣ ደም ውስጥ አይሟሙም። ስለዚህ ብቻቸውን አይዞሩም፤ በፕሮቲን በተያዙ ጥቃቅን ቅንጣቶች ውስጥ ተጭነው ነው የሚሄዱት። ባዶ ሆዱን ባደረ ሰው ደም ውስጥ ዋናዎቹ ቅንጣቶች ሦስት ዓይነት ናቸው። ኤችዲኤል፣ ኤልዲኤል እና ቪኤልዲኤል። ኤልዲኤል በአብዛኛው ኮሌስትሮል ይሸከማል፣ የደም ቧንቧ ግድግዳ ውስጥ ገብቶ የሚያስቸግረውም በዋናነት እሱ ነው። ቪኤልዲኤልን ጉበት ነው የሚያመርተው፤ የሚጭነው በብዛት ትራይግሊሰራይድ ነው፣ ከጎኑ ግን ትንሽ ኮሌስትሮልም ይዞ ይሄዳል። ይቺን "ትንሽ ኮሌስትሮል" ያዙልኝ፣ የዛሬው ጣጣ ሁሉ የሚመጣው ከእሷ ነው።

እንግዲህ ጠቅላላ ኮሌስትሮል የሚባለው በሦስቱም ውስጥ ያለው ተደምሮ ነው። ማሽኑ ይሄን በቀላሉ ያውቀዋል። ኢንዛይም ያለበት ሪኤጀንት ከናሙናው ጋር ይቀላቀላል፣ ቀለም ይወጣል፣ የቀለሙ ድምቀት ይለካል። ትራይግሊሰራይድም በተመሳሳይ መንገድ ይለካል፣ ኤችዲኤልም የሌሎቹን ቅንጣቶች ኮሌስትሮል ከጨዋታው የሚያስወጣ ሪኤጀንት አለው። የቀረው ቪኤልዲኤል ውስጥ ያለውን ኮሌስትሮል ማወቅ ነው። እሱ ከታወቀ ኤልዲኤል የቅነሳ ጉዳይ ይሆናል። ግን እሱን በቀጥታ የሚነግረን ቀላል ሪኤጀንት የለም። በትክክል ለማወቅ ናሙናውን አልትራሴንትሪፉጅ በሚባል እጅግ ፈጣን ማሽን ለብዙ ሰዓት አሽከርክሮ ቅንጣቶቹን በእፍጋታቸው መለየት ያስፈልጋል። ይሄ የምርምር ቤት ሥራ ነው። በቀን መቶ ናሙና የሚቀበል ላብራቶሪ አይሞክረውም።

በፈረንጆቹ በ1972 ዊልያም ፍሪድዋልድ፣ ሮበርት ሌቪ እና ዶናልድ ፍሬድሪክሰን የተባሉ የአሜሪካ ተመራማሪዎች አቋራጭ አገኙ። የ448 ሰዎችን ደም በአልትራሴንትሪፉጅ ለይተው ሲያዩ፣ ቪኤልዲኤል ውስጥ ያለው ትራይግሊሰራይድ ከኮሌስትሮሉ ወደ አምስት እጥፍ ገደማ ሆኖ አገኙት። ባዶ ሆድ ላይ ደግሞ በደም ውስጥ ያለው ትራይግሊሰራይድ አብዛኛው የሚገኘው ቪኤልዲኤል ውስጥ ነው። እንግዲያው የተለካውን ትራይግሊሰራይድ ለ5 ብታካፍለው የቪኤልዲኤልን ኮሌስትሮል ታገኛለህ፣ አልትራሴንትሪፉጅ አያስፈልግህም ማለት ነው። ቀመሩ ይሄው፦

```
LDL = TC - HDL - TG/5
```

TC ጠቅላላ ኮሌስትሮል ነው፣ TG ትራይግሊሰራይድ። ሁሉም በሚሊግራም በዴሲሊትር ነው። ውጤታችሁ በሚሊሞል በሊትር ከሆነ ግን አካፋዩ 5 ሳይሆን 2.2 ነው፤ ሁለቱን የሚያደባልቅ ሰው ጉድ የሆነ ቁጥር ያገኛል፣ ስለዚህ ከማስላታችሁ በፊት መለኪያውን እዩ።

ቆንጆ ቀመር ነው፣ እውነቴን ነው። በሦስት ርካሽ ምርመራ አራተኛውን በነፃ ይሰጣል። ሰዎቹም አልደበቁም፤ 5 ግምት መሆኑን፣ ትራይግሊሰራይድ ከ400 በላይ ከሆነ እንደማይሠራ ያኔውኑ ጽፈውታል። ከዚያ በኋላ 400 ብቻ ታስቦ 5 ግምት መሆኑ ተረሳ።

5 ለምን 5 ሆኖ አይቀርም

ትራይግሊሰራይድ ከፍ ያለበት ሰው የተለመደው ቪኤልዲኤል በቁጥር ብቻ የበዛበት ሰው አይደለም። ቅንጣቶቹ ራሳቸው ይለወጣሉ። ጉበት የሚያወጣቸው ቪኤልዲኤሎች እየተለቁ ይመጣሉ፣ የሚጭኑትም ትራይግሊሰራይድ ከኮሌስትሮሉ ጋር ሲነጻጸር እየበዛ ይሄዳል። አምስት ለአንድ የነበረው ስድስት ለአንድ፣ ሰባት ለአንድ፣ ስምንት ለአንድ ይሆናል። ሰውየው በልቶ ከመጣ ደግሞ ከአንጀት የሚነሱ ካይሎማይክሮን የሚባሉ ትልልቅ ቅንጣቶች ይጨመራሉ። እነሱ ደግሞ ከሞላ ጎደል ትራይግሊሰራይድ ብቻ ናቸው፤ ኮሌስትሮላቸው ኢምንት ነው።

ቀመሩ ይሄን ሁሉ አያውቅም። ዝም ብሎ ለ5 ያካፍላል። እውነተኛው አካፋይ 7 ሆኖ ሳለ ለ5 ሲያካፍል ለቪኤልዲኤል የሌለውን ኮሌስትሮል ይሰጠዋል። ያ ትርፍ ከየት መጣ? ከኤልዲኤል ላይ ተቀንሶ ነው እንጂ ከየትም አይመጣም፣ ጠቅላላው ያው ነውና። ኤልዲኤል በወረቀቱ ላይ ያነሰው፣ ለጎረቤቱ ስለተሰጠበት ነው።

ትራይግሊሰራይድ 100 ሲሆን ይሄ ስህተት ምንም አይደለም። 100 ለ5 ሲካፈል 20፣ ለ6 ሲካፈል 17 ገደማ። የ3 ልዩነት ማንንም አይጎዳም። ትራይግሊሰራይድ 380 ሲሆን ግን ለ5 ሲካፈል 76 ነው፣ ለ6 ሲካፈል 63። አሁን 13 ጠፋ። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚስቱት ነገር አለ፦ 13 ትልቅ ነው ትንሽ የሚለው የሚወሰነው በኤልዲኤሉ ነው። ኤልዲኤሉ 160 የሆነ ሰው 173 ነው ቢባል ሕክምናው አይለወጥም፣ ሁለቱም ከፍ ያለ ነው። ኤልዲኤሉ 48 የተባለ ሰው 61 ነው ቢባል ግን ነገሩ ሌላ ነው።

በ1972 ኤልዲኤሉ 50 የሆነ ታካሚ ማየት ብርቅ ነበር። ስታቲን የሚባለው ኮሌስትሮል የሚያወርድ መድኃኒት ገና አልመጣም። ዛሬ የልብ ሕመም ያለበትን ሰው ኤልዲኤል ከ55 በታች አውርዱ የሚል የአውሮፓ መመሪያ አለ። ቀመሩ ግን በዚያ ዝቅተኛ ቦታ ላይ እንዲሠራ ታስቦ አያውቅም። የሚከፋው ደግሞ፣ ትራይግሊሰራይዱ ከፍ ያለ ሰው፣ ኤልዲኤሉን በጣም ማውረድ የሚያስፈልገው ሰው እና ስታቲን የሚወስደው ሰው ብዙ ጊዜ አንድ ሰው መሆኑ ነው። ስኳር ያለበት፣ ክብደቱ የጨመረ፣ ልቡን አንዴ ያመመው።

አንድ ውጤት ይዘን እንቀመጥ

እንበልና 58 ዓመት የሆነው ሰው ነው። ስኳር አለበት፣ ከሁለት ዓመት በፊት የልብ ድካም ሳይሆን የልብ ደም ቧንቧ መዘጋት አጋጥሞት ታክሟል፣ ጠንከር ያለ ስታቲን በየቀኑ ይወስዳል። ሐኪሙ ኤልዲኤሉን ከ55 በታች ማድረስ ይፈልጋል። ባዶ ሆዱን ሄዶ ደም ሰጠ። ጠቅላላ ኮሌስትሮል 158፣ ኤችዲኤል 34፣ ትራይግሊሰራይድ 380 መጣ።

```
158 - 34 - 380/5 = 48
```

48! ከግቡ በታች። ወረቀቱ ላይ ቀይ ምልክት የተደረገበት ትራይግሊሰራይዱ ብቻ ነው። ሐኪሙ "ኮሌስትሮልህ ቆንጆ ነው፣ ስኳርህን ተቆጣጠር" ብሎ ያሰናብተዋል፣ እሱም ደስ ብሎት ይወጣል።

አሁን ያንኑ ደም፣ ያንኑ ሦስት ቁጥር ይዘን በሌላ ቀመር እናስላው። በ2020 ሳምፕሰን የተባለች ተመራማሪና ባልደረቦቿ ያወጡት ቀመር ነው፤ ትራይግሊሰራይድ እስከ 800 ድረስ እንዲሠራ ታስቦ የተዘጋጀ። መልኩ አያምርም፦

```
nonHDL = TC - HDL
LDL = TC/0.948 - HDL/0.971 - (TG/8.56 + TG*nonHDL/2140 - TG^2/16100) - 9.44
```

አትፍሩት። ሥራው አንድ ነው፦ ቅንፉ ውስጥ ያለው የድሮውን TG/5 የሚተካ ነው፣ ልዩነቱ ትራይግሊሰራይዱ ሲጨምር አካፋዩም አብሮ እንዲለወጥ መደረጉ ነው። የሰውየውን ቁጥር ስናስገባ፦

```
166.7 - 35.0 - (44.4 + 22.0 - 9.0) - 9.4 = 65 ገደማ
```

65። ከግቡ በታች ሳይሆን በ10 በላይ። ያው ደም፣ ያው ማሽን፣ ያው ቀን። ይሄን ወደ ድሮው ቀመር ቋንቋ ብንመልሰው፣ የዚህ ሰው ትራይግሊሰራይድ መካፈል የነበረበት ለ5 ሳይሆን ለ6.4 አካባቢ ነበር ማለት ነው። እርግጥ 65ም ስሌት ነው፣ ከአልትራሴንትሪፉጅ አልመጣም። ግን ከ48 ይልቅ ለእውነቱ የሚቀርበው እሱ ነው።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። ትራይግሊሰራይዱ 380 ነው። ከ400 በታች። ስለዚህ ላብራቶሪው በሕጉ መሠረት ነው የሠራው፣ ማንም አላጠፋም። 400 አጥር ይመስለናል፤ ከአጥሩ ወዲህ ሁሉም ትክክል፣ ከአጥሩ ወዲያ ሁሉም ስህተት። እውነታው ግን ቁልቁለት ነው። ከ150 ጀምሮ ትንሽ ትንሽ ይንሸራተታል፣ ከ200 በላይ ኤልዲኤሉ ዝቅተኛ ከሆነ መጠራጠር ተገቢ ነው፣ 400 ላይ ደግሞ ቀመሩ ራሱ እጁን ይሰጣል።

ከ400 በላይ ምን እንደሚሆን ማየት ከፈለጋችሁ ጠቅላላ ኮሌስትሮሉ 250፣ ኤችዲኤሉ 25፣ ትራይግሊሰራይዱ 1200 የሆነ ሰው አስቡ። 250 ሲቀነስ 25 ሲቀነስ 240፣ ኔጌቲቭ 15። ከዜሮ በታች ኮሌስትሮል! ለዚህ ነው ላብራቶሪዎች ከ400 በላይ ሲሆን የኤልዲኤሉን ቦታ ባዶ የሚተዉት ወይም ኮከብ ምልክት የሚያደርጉበት። ሰው "ረስተውት ነው፣ ገንዘቤን ከፍዬ አንድ ምርመራ ጎደለ" ብሎ ይቆጣል። አልረሱትም። እንደውም ባዶ የተወ ላብራቶሪ ኔጌቲቭ ከሚጽፍ ላብራቶሪ ይሻላል፣ ሁለተኛውንም በዓይኔ አይቻለሁ። በነገራችን ላይ በዚህ ደረጃ ላይ ያለ ሰው አስቸኳይ ጉዳዩ ኤልዲኤሉ አይደለም። ትራይግሊሰራይድ ከ1000 ሲያልፍ ቆሽት ሊቆጣ ይችላል፣ እሱም ሆስፒታል የሚያስተኛ ነገር ነው።

ስህተቱ የሚደመረው ኤልዲኤል ላይ ነው

ሌላም ነገር አለ። ቅነሳ የስህተት ማጠራቀሚያ ነው። ጠቅላላ ኮሌስትሮሉ በ3 ከመቶ ቢሳሳት፣ ይሄ ለማሽን የሚፈቀድ ስህተት ነው፣ 158 ላይ ወደ 5 ይሆናል። ያ 5 ሙሉ በሙሉ ኤልዲኤሉ ላይ ይወድቃል፤ 48 ላይ ሲወድቅ 10 ከመቶ ሆነ። የኤችዲኤልም ስህተት እዚያው ይወድቃል።

ትራይግሊሰራይድ ደግሞ ከሁሉም የባሰ ተለዋዋጭ ነው። ምንም ሳይታመሙ፣ ምንም ሳይለወጥ፣ በዚያው ሰው ላይ ከቀን ቀን በ20 ከመቶ ገደማ ከፍና ዝቅ ሊል ይችላል። ማምሻውን የተጠጣ አልኮል ብቻ ከፍ ሊያደርገው ይችላል። 380 ላይ 20 ከመቶ 76 ነው፤ ለ5 ሲካፈል 15። ማለትም ይሄው ሰው በሌላ ቀን ቢሄድ፣ ኤልዲኤሉ ንቅንቅ ሳይል፣ ወረቀቱ 48 በማለት ፈንታ 63 ሊል ይችላል።

ባዶ ሆድ ሁኑ የሚባለውም በዚህ ምክንያት ነው፣ ብዙ ጊዜ ከ9 እስከ 12 ሰዓት ያህል ሳይበሉ ቆይቶ። አሁን አሁን ለመጀመሪያ ምርመራ በልቶ መምጣት ችግር የለውም ይባላል፣ ልክም ነው፤ ለአብዛኛው ሰው ከምግብ በኋላ ያለው ለውጥ ትንሽ ነው። ግን በልቶ በተሰጠው ደም ትራይግሊሰራይዱ ከፍ ብሎ ከወጣ፣ በዚያ ቁጥር ኤልዲኤል አስልቶ መወሰን አይሆንም። ባዶ ሆድ ይደገማል።

የላብራቶሪ ባለሙያ ወረቀቱ ከመውጣቱ በፊት ችግሩን በዓይኑ ሊያየው ይችላል። ደሙ በሴንትሪፉጅ ተሽከርክሮ ሴረሙ ሲለይ ቢጫ ሆኖ ጥርት ያለ መሆን አለበት። ትራይግሊሰራይድ በጣም ከፍ ካለ ግን ወተት ይመስላል። ቱቦውን ፍሪጅ ውስጥ ቀጥ አድርጎ ማሳደር ደግሞ የድሮ ብልሃት ነው፤ ጠዋት ላይ ከላይ እንደ ክሬም የሰፈፈ ነገር ካለ ካይሎማይክሮን ነው፣ ሰውየው ወይ በልቶ መጥቷል ወይ ካይሎማይክሮኑን ማጽዳት አቅቶታል። ሙሉው እንደደፈረሰ ካደረ ቪኤልዲኤል ነው። የሚገርመው ግን ተቃራኒው ነው። ወረቀቱ ትራይግሊሰራይድ 500 ይላል፣ ሴረሙ ግን እንደ ውሃ ጥርት ያለ ነው። ይሄ ሲሆን ተጠራጠሩ። ማሽኑ ትራይግሊሰራይድን የሚለካው ሰብሮ ከውስጡ የሚወጣውን ግሊሰሮል በመቁጠር ነው። አልፎ አልፎ ከመጀመሪያውም ደሙ ውስጥ ነፃ ግሊሰሮል የሚበዛበት ሰው አለ፤ ማሽኑ እሱንም እንደ ስብ ይቆጥረዋል። የትራይግሊሰራይዱ ቁጥር ውሸት ከሆነ ደግሞ ለ5 ተካፍሎ የተቀነሰውም ውሸት ነው።

ታዲያ ምን ይታመን?

መጀመሪያ ከወረቀታችሁ ላይ የተሰላ ነው የተለካ የሚለውን ፈልጉ። ከኤልዲኤሉ ጎን `calc` ወይም `calculated` ካለ ተሰልቷል፣ `direct` ካለ ተለክቷል። ምንም ካልተጻፈ ራሳችሁ ቀንሱት። ጠቅላላውን ያዙ፣ ኤችዲኤሉን ቀንሱ፣ የትራይግሊሰራይዱን አምስተኛ ቀንሱ። ከወረቀቱ ጋር እኩል ከመጣ የድሮው ቀመር ነው።

ከዚያ ነን-ኤችዲኤል የሚባለውን አስሉ። ጠቅላላው ሲቀነስ ኤችዲኤል፣ በቃ። ይሄ ቁጥር ከኤችዲኤል ውጭ ያሉትን ቅንጣቶች ኮሌስትሮል በሙሉ ይይዛል፣ የቪኤልዲኤሉንም ጭምር፣ እሱም ቢሆን ቧንቧን ከመጉዳት ነፃ አይደለም። ትልቁ ጥቅሙ ትራይግሊሰራይድ ስሌቱ ውስጥ አለመግባቱ ነው። የሚካፈል ነገር የለም፣ የሚገመት ነገር የለም፣ ቢበላም ባይበላም ብዙ አይለወጥም። እኔ ትራይግሊሰራይዱ ከፍ ያለ ውጤት ሳይ መጀመሪያ የማሰላው እሱን ነው።

ግቡን ለማስታወስ የኤልዲኤሉ ግብ ላይ 30 ጨምሩ። 30 የመጣው ከዚያው ከቀመሩ ነው፤ ትራይግሊሰራይዱ 150 የሆነ ሰው ቪኤልዲኤሉ ውስጥ 30 ያህል ኮሌስትሮል አለው ተብሎ ስለታሰበ። የኤልዲኤል ግቡ 55 የሆነ ሰው የነን-ኤችዲኤል ግቡ 85 ነው። አሁን ወደ 58 ዓመቱ ሰው እንመለስ። 158 ሲቀነስ 34፣ 124። ግቡ 85 ነው። ኤልዲኤሉ "ደርሰሃል" ሲለው ነን-ኤችዲኤሉ "39 ይቀርሃል" እያለ ነው። ሁለቱ እንዲህ ሲጣሉ ትራይግሊሰራይዱን እዩ፤ ብዙ ጊዜ እሱ ነው መሃላቸው የገባው።

ሌላው አማራጭ የተሻለ ቀመር ነው። ከሳምፕሰን ቀመር በፊት በ2013 ማርቲን የተባለ ሐኪምና የጆንስ ሆፕኪንስ ባልደረቦቹ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ውጤት ተነስተው 180 ሳጥን ያለው ሠንጠረዥ ሠርተዋል። በትራይግሊሰራይዱና በነን-ኤችዲኤሉ መጠን የሰውየውን ሳጥን ታገኛላችሁ፣ ሳጥኑ አካፋዩን ይነግራችኋል። አካፋዮቹ ከ3 ትንሽ ከፍ ከሚል እስከ 12 ገደማ ይደርሳሉ፣ ይሄ ብቻ 5ን ለሁሉም ማደል ምን ያህል ድፍረት እንደነበር ያሳያል። ሁለቱም አዲስ ቀመሮች አዲስ ማሽን፣ አዲስ ሪኤጀንት፣ አዲስ ደም አይፈልጉም። የላብራቶሪው ሶፍትዌር ውስጥ አንድ መስመር መቀየር ነው። ያም ሆኖ ብዙ ቦታ አልተቀየረም፣ እኔን የሚያናድደኝም ይሄ ነው።

"ታዲያ በቀጥታ አይለካም ወይ?" ይለካል። ኤልዲኤልን በቀጥታ የሚለካ ሪኤጀንት አለ፣ የሌሎቹን ቅንጣቶች አፍ ዘግቶ የኤልዲኤሉን ኮሌስትሮል ብቻ ቀለም እንዲያወጣ ያደርጋል። ትራይግሊሰራይድ 500 ሲሆን ከድሮው ቀመር ይመረጣል። ግን "በቀጥታ" የሚለው ቃል አያታልላችሁ። ሴረሙ ወተት ሲሆን እሱም ቅንጣቶቹን ያምታታል፣ ከአምራች አምራችም ውጤቱ ይለያያል። ከሁሉ ንጹሕ የሆነው አፖ ቢ የተባለውን ፕሮቲን መለካት ነው። እያንዳንዱ ኤልዲኤል፣ እያንዳንዱ ቪኤልዲኤል በላዩ ላይ አንድ አፖ ቢ ብቻ አለው። ስለዚህ አፖ ቢን መቁጠር ቅንጣቶቹን አንድ በአንድ እንደመቁጠር ነው፤ ትራይግሊሰራይዱ ስንት ተጭኗል የሚለው አያሳስበውም።

አንድ የተገላቢጦሽ ሁኔታም አለ፣ ብርቅ ቢሆንም። አንዳንድ ሰው በዘር በመጣ ችግር የቪኤልዲኤል ቅሪቶች ደሙ ውስጥ ይከማቹበታል፣ እነዚህ ቅሪቶች ደግሞ ኮሌስትሮል የበዛባቸው ናቸው። እዚህ ላይ ለ5 ማካፈል ያንሳል፣ ኤልዲኤሉም ከእውነተኛው ከፍ ብሎ ይወጣል። ጠቅላላ ኮሌስትሮሉና ትራይግሊሰራይዱ ሁለቱም በጣም ከፍ ብለው ተቀራራቢ ቁጥር ላይ ሲገኙ ይሄ ይጠረጠራል። ፍሪድዋልድ እና ባልደረቦቹ እነዚህንም ሰዎች ከመጀመሪያው አውጥተዋቸዋል።

ያ 58 ዓመት ሰው ከአራት ወር በኋላ ተመልሶ መጣ እንበል። ስኳሩን በደንብ ተቆጣጥሯል፣ አልኮል ትቷል፣ ክብደት ቀንሷል። የስታቲኑ መጠን አልተነካም። ጠቅላላ ኮሌስትሮል 134፣ ኤችዲኤል 37፣ ትራይግሊሰራይድ 170።

```
134 - 37 - 170/5 = 63
```

ሰውየው ወረቀቱን አይቶ ክው ይላል። 48 የነበረው ኤልዲኤል 63 ገባ። ያን ሁሉ ለፍቶ ባሰበት! ግን በአዲሱ ቀመር ሲሰላ መጀመሪያ 65 ነበር፣ አሁን 68 ነው። ኤልዲኤሉ ባለበት ነው ያለው፣ የ3 ልዩነት ከማሽኑ ስህተት አይበልጥም። የተለወጠው ትራይግሊሰራይዱ ሲወርድ ቀመሩ ለቪኤልዲኤል ያለአግባብ የሚሰጠው ድርሻ ማነሱ ነው። ነን-ኤችዲኤሉ ደግሞ ከ124 ወደ 97 ወርዷል፣ ልፋቱ የታየው እዚያ ላይ ነው።

ሐኪሙም አሁን ነው 63ን አይቶ "ግቡ ላይ አልደረስንም" ብሎ ከስታቲኑ ላይ ኢዘቲማይብ የተባለ ሌላ መድኃኒት የጨመረለት። መጨመሩ ልክ ነው፤ 97ም ከ85 በላይ ነው። ብቻ ያ ክኒን ከአራት ወር በፊት፣ ወረቀቱ 48 ባለ ጊዜም ያስፈልገው ነበር።